ሁለት ሰው፣ አምስት ካርድ፦ የግንኙነት ታሮት እንዴት ይነበባል?

ባሕር ዳር ውስጥ ታሮት የሚባሉትን ባለሥዕል ካርዶች እንደማነብ የሚያውቁ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናቴ ካወቀች ወዲህ ካርዶቹ ከቁም ሣጥን ወደ ቦርሳዬ ተሰደዋል። «ይሄን ጥንቆላ ከቤቴ አውጪልኝ» አለች፤ አልተከራከርኳትም። እሷም ብትሆን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሲኒዋን ደፍታ ለጎረቤታችን «እስቲ ምን ይታይሻል?» ስትል ሰምቻታለሁ። እሱንም አላነሳሁባትም።

አንብቢልን የሚሉኝ ጓደኞቼ አብዛኞቹ የሚመጡት በፍቅር ጉዳይ ነው። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?» ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ ዘንድ ይኬዳል፣ የሁለቱ ስም ከእናታቸው ስም ጋር በፊደል ይቆጠራል፣ ከዚያ ኮከባችሁ ገጠመ ወይም አልገጠመም ይባላል። ታሮት ፊት የሚቀመጠውም ሰው ያንኑ አጭር መልስ ይጠብቃል።

ዛሬ የማሳያችሁ አዘረጋግ ያንን መልስ አይሰጥም። አምስት ካርድ ነው። ሁለቱ ካርዶች ሁለቱ ሰዎች የሚያስቡትን ያሳያሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ተስፋቸውን ያሳያሉ። አምስተኛው በመካከላቸው ያለው ድልድይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ አምስተኛው ላይ ነው፤ እንደ ፍርድ ያነበዋል። ካርዱ ካማረ «ትጋባላችሁ»፣ ካስፈራ «ተዪው ይቅርብሽ» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ አደርግ ነበር።

የትኛው ካርድ? ምን ተብሎ ይጠየቃል?

አንድ ሙሉ የታሮት ካርድ 78 ነው። 22ቱ ታላላቆቹ ናቸው። ሞኙ፣ ፍቅረኞቹ፣ ግንቡ፣ ፀሐይዋ የሚባሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የቀሩት 56ቱ በአራት ቤት ይከፈላሉ፦ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም። በትር ጉልበትንና ፍላጎትን ይናገራል። ጽዋ ስሜትን፣ ሰይፍ ሐሳብንና ንግግርን፣ ሳንቲም ደግሞ ገንዘብን፣ ቤትን፣ ሥራንና አካልን። ለዛሬው ይህን ያህል ይበቃል።

ለዚህ አዘረጋግ በ1909 ለንደን የታተመውን የራይደር ካርድ ወይም እሱን ተከትሎ የተሣለ ካርድ ብትይዙ እመክራለሁ። ሐሳቡ የአርተር ዌይት ነው፤ ሥዕሉን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ከዚያ በፊት በነበሩት በብዙዎቹ ካርዶች ላይ «ስድስት ጽዋ» ማለት ስድስት ጽዋ ብቻ ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ካርድ በሰውና በድርጊት ሞላችው። እኛ የምናነበው የሁለት ሰዎችን ጉዳይ ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ ሰው መኖሩ ሥራውን በጣም ያቀልላል። የኔን ካርድ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ናት የላከችልኝ። ጠርዙ ተልጧል፤ ስለዚህ ሦስቱን ካርዶች ከጀርባቸው አውቃቸዋለሁ። ይህ ጥሩ አይደለም። ካርዱ የሚታወቅ ከሆነ ጠያቂው ሳያይ ይምረጥ፣ ወይም እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ይወደኛል?» ተብሎ ከተጠየቀ አምስቱ ካርድ ሥራ ፈት ይሆናል። «አዎ» ወይም «አይ» ለማለት አንድ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳና ሰው ማየት ይበቃ ነበር። ይህ አዘረጋግ የሚፈልገው ሁለቱን ሰዎች የያዘና አንድ የታወቀ ጉዳይ ላይ የቆመ ጥያቄ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጓደኛዬ መጣች። ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ከተማውንና ሥራውን ግን ቀይሬዋለሁ። ዳንግላ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች እንበል። እጮኛዋ ፍኖተ ሰላም መምህር ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ እሺ ተብሏል፣ ሠርጉ ለጥር ታስቧል። ችግሩ እሷ የሠርጉን ወሬ ባነሳች ቁጥር እሱ ርዕስ መቀየሩ ነው። ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ ብሎ ይዘጋል። «ይወደኛል ወይስ ሐሳቡን ቀይሯል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን አብረን ለወጥነው፦ «የሠርጉን ወሬ ስናነሳ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ እሷንም ያስገባል። የመጀመሪያው እሱን ብቻ ነበር ፍርድ ቤት ያቆመው።

አበዋወዝና አዘረጋግ

ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፉት። የምር ነው የምለው። በንባቡ መሃል ጥያቄው ሳይታወቅ ይንሸራተታል። ስለ ሠርግ የተጀመረው ነገር ስለ አማት ሆኖ ያልቃል።

ጠያቂው ካርዱን ይበውዝ። ሲበቃው በግራ እጁ ይቁረጥ ወይም በቀኝ፣ ለውጥ የለውም። ከላይ ጀምራችሁ አምስት ካርድ አውጡ። የመጀመሪያው በግራ ከላይ ይቀመጣል፤ የጠያቂዋ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው በቀኝ ከላይ፣ የእሱ ሐሳብ። ሦስተኛው በግራ ከታች፣ የእሷ ተስፋ። አራተኛው በቀኝ ከታች፣ የእሱ ተስፋ። አምስተኛው በአራቱ መሃል ይቀመጣል። ግራው በኩል ሁልጊዜ የጠያቂው ነው። አንዴ ይህን ከወሰናችሁ ካርዱ ከወጣ በኋላ አትቀያይሩት። ያማረው ካርድ ወደ እሷ እንዲሄድ የሚፈልግ እጅ ይኖራችኋል፤ እኔም አለኝ።

አራቱን ገልጣችሁ አምስተኛውን እንደተደፋ ተዉት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ድልድዩ ቀድሞ ከተገለጠ ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ይተከላል፣ አራቱም በእሱ ቀለም ይነከራሉ።

ሥዕሉ ተዘቅዝቆ የተገለበጠ ካርድ ቢመጣ አቃኑት። በሌላ ንባብ የተገለበጠ ካርድ እጠቀማለሁ፤ እዚህ ግን አልፈልገውም። እዚህ የሚያስፈልገኝ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ወዴት እንደሚመለከት ነው። ለምሳሌ የሰይፍ ንግሥት ወደ ቀኝ ትመለከታለች። በግራ በኩል ከተቀመጠች ወደ ድልድዩና ወደ ሌላው ሰው እያየች ነው። በቀኝ በኩል ከተቀመጠች ግን ጀርባዋን ሰጥታለች። ካርዱ ያው ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ካርዱን ከገለበጣችሁት ይህ ሁሉ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሰሙን ተናገሩ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ያልተባለበት ቤት የለም። ቅኔ ቆጥሬ አላውቅም፤ አያቴ ግን ሲተርክ እንደሰማሁት ሰሙን ሳይዝ ወርቁን የሚቆፍር ተማሪ መሳቂያ ነው። ካርድም እንደዚያው ነው። ትርጉም ከመናገራችሁ በፊት ሥዕሉ ላይ ያለውን በቃል ተናገሩ። ጠያቂውም ይናገር።

የጓደኛዬ ካርዶች እነዚህ ነበሩ። በእሷ ሐሳብ ቦታ ስምንት ሰይፍ ወጣ። ዓይኗ የታሰረና በጨርቅ የተጠፈረች ሴት ቆማለች። ስምንት ሰይፎች ከኋላዋና ከጎኗ መሬት ላይ ተተክለዋል። በእሱ ሐሳብ ቦታ አራት ሳንቲም መጣ። ዘውድ የደፋ ሰው ተቀምጦ አንድ ሳንቲም ደረቱ ላይ እቅፍ አድርጎ ይዟል። አንዱ ዘውዱ ላይ ነው፣ ሁለቱን ደግሞ ረግጧቸዋል። ከኋላው ከተማ ይታያል። በእሷ ተስፋ ቦታ ሁለት ጽዋ፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጽዋ ይለዋወጣሉ። በእሱ ተስፋ ቦታ አሥር ሳንቲም፤ ከፊት ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ሁለት ነጭ ውሾች አጠገቡ ናቸው፣ ከበሩ ሥር ወንድና ሴት ቆመዋል፣ ልጅም አለ።

ስምንት ሰይፍን እያየች «ማሰሪያው እኮ ከፊት ለፊቷ የሚዘጋባት ሰይፍ የለውም» አለች። አባባሏ ተደነቃቀፈባት፤ ማለት የፈለገችው ግን ግልጽ ነበር። ሰይፎቹ ከፊት አልዘጓትም። የማይታያት ዓይኗ ስለታሰረ ነው። ይህን መጽሐፍ አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሰሙን በመናገር ብቻ አገኘችው።

ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች

አሁን ካርዶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያምራችኋል። አታድርጉት። አራት ካርድ ለየብቻ ከተነበበ አራት ትናንሽ ስብከቶች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጥሩ ይመስላል፣ ሁለቱ ሰዎች ግን አይገናኙም።

መጀመሪያ ወደ ጎን አንብቡ። ሐሳብን ከሐሳብ ጋር አገናኙ። የእሷ ሰይፍ ነው፣ የእሱ ሳንቲም። እሷ የምታወጣ የምታወርደው «ምን ብዬ ልጠይቀው? ብጠይቀው ምን ይለኛል?» እያለች ነው። እሱ የሚያወጣ የሚያወርደው «ይበቃል ወይስ አይበቃም?» እያለ ነው። ስለ አንድ ሠርግ ያወራሉ፣ ቋንቋቸው ግን ሁለት ነው። ሁለቱ ካርዶች የሚመሳሰሉበትም ነገር አለ፤ ሁለቱም ሰዎች አይንቀሳቀሱም። እሷ ታስራለች፣ እሱ ደግሞ እጁም እግሩም ሳንቲም ላይ ስለሆነ ቢነሳ ይበተንበታል። ከዚህ ወዲያ ስልኩ ለምን እንደሚዘጋ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ተስፋን ከተስፋ ጋር። የእሷ ሁለት ጽዋ ነው፤ ካርዱ ላይ ሁለት ሰው ብቻ አለ። የእሱ አሥር ሳንቲም ቤተሰብ ሙሉ ነው። ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ከጥንዶቹ ይልቅ ሽማግሌው ነው። እሷ ተስፋ የምታደርገው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበትን ቀን ነው። እሱ ተስፋ የሚያደርገው አባቱ ደጅ ላይ ኮርቶ የሚቀመጥበትን ቤት ነው። «አባቱ እንዴት ናቸው?» አልኳት። «ታመው ነበር፣ ባለፈው ክረምት ለሕክምና አዲስ አበባ ወስዷቸው ነበር» አለች። አልፌው ሄድኩ። ያኔ ማለፍ አልነበረብኝም።

ከዚያ ወደ ታች አንብቡ። የአንድን ሰው ሐሳብ ከራሱ ተስፋ ጋር ማለት ነው። የዚህ አዘረጋግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አራት ሳንቲምን ብቻውን ያየ ሰው «ቋጣሪ ነው፣ እጁ አይፈታም» ይላል። እሷም ቀድማ ያለችው ይህንኑ ነው። ከሥሩ አሥር ሳንቲም ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጨበጠው ለትልቅ ቤት ነው፣ ለዚያ ሽማግሌ ነው። ሐሳቡ የሚነበበው በተስፋው ነው። በእሷም በኩል እንደዚያው፤ ስምንት ሰይፍ ብቻውን ፍርሃት ነው፣ ከሥሩ ሁለት ጽዋ ሲኖር ግን የፈራችው እሱን እንዳልሆነ ይታያል። የፈራችው ያ ጽዋ እንዳይፈስባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በተስፋ ቦታ አስቀያሚ ካርድ ሲወጣ ሰው ይደነግጣል። ግንቡ፣ ሦስት ሰይፍ ወይም ሞት ተስፋ ቦታ ላይ ምን ይሠራል? ተስፋና ሥጋት ጎረቤታሞች ናቸው። መብረቅ የመታው ግንብ በተስፋ ቦታ ሲቀመጥ «ይሄ ነገር ይፍረስና ይለይለት» የሚል ምኞት ሊሆን ይችላል። ደክሞት መፍረሱን የሚናፍቅ ሰው ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ ከላዩ ያለው የሐሳብ ካርድ ይነግራችኋል። እሱም ካልነገራችሁ ጠያቂውን ጠይቁ፤ አፍ አለው።

ድልድዩን ግለጡ

በሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። የጥንት የድንጋይ ድልድይ ነው፣ መሃሉ በጣሊያን ጊዜ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰው ክፍተቱን የሚሻገረው በገመድ ተይዞ ነበር። በዚህ ወገን ያሉ ሰዎች ገመዱን ይይዛሉ፣ በዚያ ወገን ያሉት ይጎትታሉ፣ ተሻጋሪው ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። አንዱ ወገን ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም።

አምስተኛውን ካርድ እንደዚያ ገመድ አስቡት። «ትሻገራላችሁ» ወይም «አትሻገሩም» አይልም። የሚለው «መሻገሪያው ይሄ ነው፣ ሁለታችሁም መያዝ ያለባችሁ ይህን ነው» ነው። ስለዚህ ካርዱን ስትገልጡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ካርድ ለማን ይቀርባል? ሁለተኛ፣ ሁለቱም ሰዎች በዚህ ካርድ ውስጥ የቱ ጋ አሉ?

የእኛ ድልድይ አምስት ሳንቲም ሆኖ ወጣ። ጓደኛዬ ካርዱን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሥዕሉ ላይ ሁለት ችግረኞች በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ። ሴትየዋ ባዶ እግሯን ናት፣ ነጠላዋን ተከናንባለች። ወንዱ በክራንች ይሄዳል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያን መስኮት በብርሃን ተሞልቷል፣ አምስቱ ሳንቲሞች መስኮቱ ላይ ናቸው። «አለቀልኝ» አለች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅን። ካርዱ ለማን ይቀርባል? ሳንቲም ነው። የእሱ ሐሳብ ሳንቲም፣ የእሱ ተስፋ ሳንቲም፣ ድልድዩም ሳንቲም። በእሷ በኩል አንድም ሳንቲም የለም። ድልድዩ በእሱ ቋንቋ ነው የተሠራው። እስከዚያ ቀን እሷ በስሜት ቋንቋ ነበር የምትጠይቀው፤ «ምን ሆነሃል? ተለወጥክብኝ» እያለች። በዚያ መንገድ አይገኝም። ከአምስቱ ሦስቱ ካርዶች አንድ ቤት ከሆኑ ጉዳዩ ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ እነሱ በአንድ ወገን ከተከማቹ ደግሞ ሌላው ወገን ስለዚያ ነገር እስካሁን አልተናገረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሁለቱ ሰዎች የት አሉ? እዚህ መልሱ ሥዕሉ ላይ ነው። በአራቱ ካርዶች ውስጥ እሷና እሱ ለየብቻ ነበሩ። አምስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። በዚያው በረዶ፣ በዚያው ጨለማ። ግን አይተያዩም። ወደ መስኮቱም አያዩም። ድልድዩ ድህነት ይመጣባችኋል አይልም። «የገንዘቡን ጭንቀት ለየብቻ ትሸከሙታላችሁ፤ የምትገናኙበት ቦታ ይሄው ጭንቀት ነው» ይላል። ያማረ ድልድይ ቢወጣ፣ ለምሳሌ ሦስት ጽዋ፣ ይህን ያህል አይጠቅማትም ነበር። ሦስት ጽዋ ሠርጉ ላይ እስክስታ ያሳያት ነበር፤ እስክስታው ደግሞ ችግሩ አልነበረም።

እና «ቤተ ክርስቲያኑስ?» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ወይም ነፍስ አባትሽ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳት። አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን እንዲህ በሉ፤ ንባቡ አይጎድልበትም።

የሌላው ሰው ካርድ የማን ነው?

እሱ እዚያ አልነበረም። ካርዱን አልበወዘም፣ አላየም፣ እንደምናወራበትም አያውቅም። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት ካርዶች የእሱን ልብ ከፍተው አሳዩን ማለት ውሸት ነው። እኔ የማነባቸው «እሷ እሱን እንዴት ልታየው እንደምትችል» ብዬ ነው። ግምት ናቸው። ጥሩ ግምት ጥሩ ጥያቄ ይወልዳል፣ ከዚያ አያልፍም።

ይህን በአነጋገራችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። «እሱ ገንዘብ ይሰስታል» አትበሉ። «ገንዘብ አስጨንቆት ይሆን? ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» በሉ። የመጀመሪያው ጠብ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። «ካርድ ላይ ወጥቶብሃል» ተብሎ የተጀመረ ንግግር በደህና ሲያልቅ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ንባባችሁ እውነት ካርዱን የተከተለ መሆኑን የምትፈትኑበት አንድ ዘዴ አለኝ። ስትጨርሱ የግራና የቀኝ ካርዶችን በሐሳባችሁ አቀያይሩ። አራት ሳንቲም የእሷ፣ ስምንት ሰይፍ የእሱ ቢሆን ኖሮ የተናገራችሁት ይለወጥ ነበር? ካልተለወጠ ካርዱን አላነበባችሁም። «መነጋገር አለባችሁ፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል» ዓይነት፣ ለማንም ጥንድ የሚሆን ነገር ነው የተናገራችሁት። በእኛ ንባብ ቢቀያየር ድልድዩ ወደ እሷ ይቀርብ ነበር፤ የሚያስጨንቃትን ገንዘብ የደበቀች እሷ ትሆን ነበር። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ከካርዱ ውጭ የሆነ ነገርም አለ። ጠያቂዋ እየተመታች ከሆነ ወይም እየተዛተባት ከሆነ፣ ይህን አዘረጋግ አልዘረጋም። እዚያ ቦታ «ሁለታችሁም ገመዱን ያዙ» ማለት ኃጢአት ነው። ካርዱን ሰብስቤ የምትሄድበት ቤት እንዳላት ነው የምጠይቃት።

አንድ ጥያቄ ይዞ መሄድ

ንባቡን የምዘጋው ጠያቂው አንድ ጥያቄ በወረቀት እንዲጽፍ በማድረግ ነው። ለሌላው ሰው በቀጥታ የሚጠየቅ፣ ካርድ የሚባል ቃል የሌለበት፣ በድልድዩ ቋንቋ የተጻፈ። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ሰረዘች። የመጀመሪያው «ለምን ትደብቀኛለህ?» ነበር፤ ሰይፍ ነው፣ አይሆንም። ሁለተኛው «ትወደኛለህ?» ሆነ፤ ጽዋ ነው፣ ወደ ራሷ ተመለሰች። በመጨረሻ «ለሠርጉ ስንት አለን? የኔንም ልንገርህና አብረን እንቁጠረው» ብላ ጻፈች። ይህ ሳንቲም ነው። «የኔንም ልንገርህ» ማለቷ ደግሞ በእሷ በኩል ያለውን የገመድ ጫፍ መያዟ ነው።

ካርዱ ተሰበሰበ። ወዲያው «አንድ ብቻ ጨምሪልኝ፣ ምን ይለኝ ይሆን?» አለች። አልጨመርኩም። ያልወደዱትን ድልድይ ለማስቀየር ደጋግሞ መዘርጋት የተለመደ በሽታ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ የትኛውን እንደምታምኑ አታውቁም። የኔ ልማድ በሁለቱ መካከል በእውነት አንድ ነገር ተነግሮ ወይም ተደርጎ እስኪታይ ድረስ ያንኑ ጥያቄ አለመድገም ነው። ሳምንት ይሁን ስድስት ወር ለውጥ የለውም።

እሑድ ደወለችለት። ያን ቀን ኔትወርኩ አልተበላሸም። የአባቱ ሕክምና ሲመጣ ዕቁቡን ለምኖ ቀድሞ ወስዶ ነበር። ገንዘቡ አልቋል፣ መጣሉ ግን ገና ብዙ ወር ይቀረዋል። ከደመወዙ ያ ሲወጣ ለሠርግ የሚተርፍ የለም። ለሽማግሌዎቹ «ለጥር እደርሳለሁ» ብሎ ቃል ስለሰጠ አፉን ለመክፈት አፍሯል። ካርዱ ዕቁብ አላለንም። እኔም አላልኩም። «ባለፈው ክረምት ለሕክምና ወስዷቸው ነበር» ስትለኝ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ አልፌዋለሁ፤ ወረቀቱ አሁንም አለ፣ ከሥሩ አላሰመርኩበትም።

ጥር አለፈ። አሁን ከፋሲካ በኋላ ነው እየተባለ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታ ቡና ስንጠጣ ካርዱን አላነሳችም። እናቴ ግን ሲኒዋን ተቀብላ ገለበጠችና አየት አድርጋ «መንገድ አለሽ» አለቻት።